«አርባዋ ደረሰ» ብዬ ጽፌ ሰው ያስለቀስኩ ዕለት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ቨርጂኒያ የምትኖረው ጓደኛችን ናት። እያለቀሰች ነው። «መቼ ነው ያረፈችው? እንዴት አርባዋ እስኪደርስ አንድ ሰው አይነግረኝም?» አለችኝ። እንቅልፌ ገና አልለቀቀኝም። «ማን?» አልኳት። «አንቺው አይደለሽ እንዴ የጻፍሽው!»

ተነስቼ መብራት አበራሁና ማታ ለጓደኞቼ የላክሁትን መልእክት እንደ አዲስ አነበብኩት። እውነቷን ነው። እኔ ለልደት ስጦታ እንድናዋጣ የጠየቅሁ መስሎኝ የተዝካር ጥሪ ነው የጻፍኩት።

ለጓደኛችሁ 40ኛ ዓመት ልደት አንድ የጋራ ስጦታ ልትገዙ አስባችሁ፣ መልእክቱን የመጻፉ ዕዳ እናንተ ላይ ወድቆ ከሆነ ይህ ለእናንተ ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ። የመጀመሪያው አስለቀሰ፣ አስኮረፈ፣ አንድ ወዳጄንም ሊያሳጣኝ ነበር። ሁለተኛው ሠራ።

ባለልደቷን ስሟን አልጠራም፤ እገሊት ልበላት። ዩኒቨርሲቲ አብረን የተማርን 23 ሰዎች ነን። እስከ ዛሬ በቴሌግራም አንድ ግሩፕ ውስጥ እንጨቃጨቃለን። እገሊት ኬክ ትጋግራለች። የልጆቻችን ልደት ሁሉ በእሷ እጅ ነው ያለፈው። የምትጋግረው ግን ጎረቤቷ ቤት እየሄደች፣ በሰው ኦቭን ነው። ነሐሴ ላይ ቡና እየጠጣን ሳለን «አርባ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አሁንም ድስት ይዤ ደረጃ እወጣለሁ እወርዳለሁ» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ጥቅምት 15 ልደቷ ነው። ኦቭን እንገዛላታለን አልኩ ለራሴ።

ባሏን በድብቅ ጠየቅሁት። ይህ ግዴታ ነው፤ ሰውዬው ራሱ ሊገዛላት አስቦ ቢሆንስ? አላሰበም። ደግሞም አንድ የማላውቀውን ነገር ነገረኝ። የቤታቸው መስመር ምጣዱንና ኦቭኑን በአንድ ጊዜ አይችልም፣ ቆጣሪው ይዘላል፣ ስለዚህ መካከለኛውን ግዙ አለኝ። መርካቶ ሄጄ ጠየቅሁ። መካከለኛው ማድረሻን ጨምሮ 36,000 ብር።

እገሊት የሌለችበት አዲስ ግሩፕ ከፈትኩ፣ 22 ሆንን። ስሙን «የእገሊት ልደት» አልኩት፣ ከነኬኩ ምስል። ይህ በራሱ ስህተት ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዷ ጓደኛችን ከእገሊት ጋር ካፌ ተቀምጣ ሳለ ስልኳ ጠረጴዛ ላይ ብልጭ አለ። ስልኩን በማኪያቶ ብርጭቆ ሸፈነችው። ያን ቀን ማታ የግሩፑን ስም «የኮንዶሚኒየም ውሃ ጉዳይ» ብዬ ቀየርኩት። ማንም ሰው የውሃ ጉዳይ የሚል ግሩፕ አጮልቆ አያነብም።

መስከረም 10፣ ቅዳሜ ማታ የላክሁት መልእክት ይኸውላችሁ። ሳልቀይር ነው የማስቀምጠው።

«ሰላም ለሁላችሁ። የእገሊት አርባ ስለደረሰ ይህንኑ ምክንያት በማድረግ መዋጮ እንድናደርግ ታስቧል። እያንዳንዳችን 2,000 ብር በእኔ ቴሌብር እንድናስገባ። በቶሎ ብታስገቡ ጥሩ ነው። አመሰግናለሁ።»

በአምስት አጭር ዓረፍተ ነገር ስንት ጥፋት እንደሚሠራ እዩልኝ።

ከአርባ እንጀምር። እኛ ጆሮ ላይ «የእገሌ አርባ» ሲባል መጀመሪያ የሚመጣው ሙት ዓመቱን የሚቀድመው ያ ተዝካር ነው። ሁለተኛ የሚመጣው የወንድ ልጅ ክርስትና። ልደት ሦስተኛም አይወጣ። «መዋጮ» ሲጨመርበት ደግሞ ድንኳን ብቻ ነው የቀረው። እኔ ሐሳቡን ይዤው ስለከረምኩ ሌላ ትርጉም እንዳለው አልታየኝም። በዚያ ላይ የተቆለፈ ስልክ ላይ የሚታየው የመልእክቱ መጀመሪያ ብቻ ነው። የቨርጂኒያዋ ልጅ ያየችው «ሰላም ለሁላችሁ። የእገሊት አርባ ስለደረሰ» የሚለውን ነው። ቀሪውን እንዳታነብ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ስለዚህ «ልደት» የሚለው ቃል ከመጀመሪያው መስመር አይጥፋ። ቁጥሩንም «40 ዓመት ይሞላታል» ብላችሁ ከነዓመቱ ጻፉት። ከመላካችሁ በፊት ደግሞ ነገሩን ለማያውቅ አንድ ሰው አስነብቡት። እናቴን አስነብቤያት ቢሆን ኖሮ በአንድ ሰኮንድ ትይዘው ነበር።

በስህተቴ የሳቁብኝ ሳቅ በሁለት ቀን አለፈ። ገንዘቡ ግን አልመጣም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ እኔን ጨምሮ የከፈሉት ሰባት ሰዎች ናቸው፣ 14,000 ብር። ሌሎቹ ዝም። መልእክቱን አይተውታል፣ ምልክቱ ያሳያል። እኔ ደግሞ ዝምታውን ግድ የለሽነት አድርጌ ተረጎምኩት። ተናደድኩ። እና ሁለተኛውን፣ የባሰውን ስህተት ሠራሁ። መስከረም 19 ዝርዝር ለጠፍኩ። «የከፈሉ» ብዬ ሰባት ስም ከነምልክቱ፣ «ያልከፈሉ» ብዬ አሥራ አምስት ስም።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰዎች ከፈሉ። አንድም ቃል አልጻፉም። አንዱ ደግሞ ከግሩፑ ወጣ።

የወጣው መምህር ነው። የእገሊት አባት ያረፉ ጊዜ ሦስት ሌሊት ድንኳን ውስጥ ያደረ እሱ ነው። ከሁላችንም ይልቅ ለእሷ ቅርብ ነው ብል አልዋሸሁም። በማግስቱ ደወልኩለት። መጀመሪያ አላነሳም። ማታ ራሱ ደወለ። «ልጆቼን ትምህርት ቤት አስመዝግቤ፣ ዩኒፎርም ገዝቼ፣ መስቀልን እንደምንም ነው ያለፍኩት» አለኝ። «ብሩ ቢኖረኝ ለእሷ ሁለት ሺህ ምን አላት? የሌለኝን ግን በ22 ሰው ፊት አትቁጠሪብኝ።»

ምንም አልመለስኩለትም፤ ምን እላለሁ? ይቅርታ ጠይቄ ስልኩን ዘጋሁ።

እናቴ ወጥ እያማሰለች ሙሉውን ሰምታለች። «የዕድር ጸሐፊ ሆንሽ እንዴ?» አለችኝ። ቀጥላ ያለችው ነው ነገሩን የፈታልኝ። ዕድር ሁሉንም እኩል የሚያስከፍለው ነገ ለሁሉም እኩል ስለሚመልስ ነው። ዕቁብም እንደዚያው፣ ተራው ሲደርስ ሰው ያዋጣውን ይወስዳል። ስጦታ ግን አይመለስም። ሰርግ ላይ ገንዘብ በፖስታ የምንሰጠው ለዚህ አይደል? ሙሽራው ቤት በር ላይ ቆሞ ፖስታ እየከፈተ የሚያነብ ሰው አለ? እኔ ያደረግሁት በትክክል እሱን ነው።

ጊዜውም መጥፎ ነበር። ይህንን ከአሁን በኋላ አልረሳውም። መስከረም 10 ማለት እንቁጣጣሽ ያለፈበት፣ ትምህርት ቤት የሚከፈልበት፣ መስቀል ደግሞ በሳምንቱ ያለበት ቀን ነው። ከዚያ የባሰ ቀን በዓመቱ ውስጥ ፈልጌ አላገኝም ነበር። የጓደኛችሁ ልደት ጥቅምት ላይ ከሆነ ወይ ነሐሴ ላይ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ ወይ የመስከረምን ደመወዝ ጠብቁ። መጨረሻ ቀኑን ከደመወዝ በኋላ ማድረግ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግማሹ ሥራ ግን እሱ ነው።

ዝርዝሩን ወዲያው አጠፋሁት። ቴሌግራም የራስን መልእክት ከሁሉም ሰው ስልክ ላይ ያለ ምንም ምልክት ያጠፋል፤ ያየው ሰው ልብ ላይ ግን አይጠፋም። ስለዚህ በቦታው «ስም ዘርዝሬ መለጠፌ ነውር ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ምክንያት አልደረደርኩም።

ሌላም ያልተናገርኩት ነገር ነበረብኝ። ገንዘቡ የሚገባው እኔ ቴሌብር ውስጥ ነው፣ ከራሴ ብር ጋር ተቀላቅሎ። ታክሲ እከፍልበታለሁ፣ ካርድ እሞላበታለሁ። አንድ ቀን ቀሪ ሒሳቤን አይቼ የስጦታው የቱ፣ የእኔ የቱ እንደሆነ ለመለየት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ። አንድ ብር አልጎደለም፣ ግን ላብ አሰመጠኝ። ባንክ የምትሠራ ጓደኛችንን ለመንኳት። የማትጠቀምበት ባዶ ሒሳብ ነበራት፣ ገንዘቡ በሙሉ ወደዚያ ሄደ። ከዚያ በኋላ ጠያቂዋ እኔ ነኝ፣ ገንዘብ ያዧ እሷ ናት። ሁለት ሰው መሆኑ ለእኔም እፎይታ ነው፤ ማንም ባይጠረጥረኝም፣ እኔ ራሴን መጠርጠር አቆምኩ።

ሁለተኛውን መልእክት መስከረም 23 ላክሁት። ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ለእናቴም ለመምህሩም አስቀድሜ አነበብኩላቸው።

«ወዳጆቼ፣ የእገሊት ልደት ቅዳሜ ጥቅምት 15 ነው። 40 ዓመት ይሞላታል፣ እንኳን አደረሳት! ሁላችንም ሆነን የኬክ ኦቭን ልንሰጣት አስበናል። ዋጋው ከማድረሻው ጋር 36,000 ብር ነው፣ ግማሹ ተሰብስቧል። መካፈል የምትፈልጉ፣ የፈለጋችሁትን ያህል እስከ ረቡዕ ጥቅምት 5 ማታ ከታች ባለው ሒሳብ ላኩ። ከሌላ ሰው ስልክ የምትልኩ ከሆነ ስማችሁን ምክንያቱ ላይ ጻፉ። ማን ስንት እንደላከ የምታውቀው ገንዘብ ያዣችን ብቻ ናት። ካርዱ ላይ የሁላችንም ስም በፊደል ተራ ይወጣል። በዚህ ወር የማይመቸው ሰው ምንም ማለት አይጠበቅበትም፤ ለካርዱ አንድ መስመር ይጻፍላት፣ ስሙ አለ። ቀድማችሁ 2,000 የላካችሁ፣ መጠኑን የወሰንኩት እኔ ነኝ፤ ከፊሉ እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ በውስጥ ንገሩኝ፣ ዛሬውኑ ይመለሳል። ካልሞላ አነስ ያለውን እንገዛለን፣ ከተረፈ ዱቄትና ቅቤ እንጨምርበታለን። እሷ ምንም አታውቅም፣ እባካችሁ አፋችሁን ያዙልኝ።»

ረጅም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ከዚያ በኋላ አንድም ሰው «ስንት ነው? ወዴት ነው? እስከ መቼ ነው?» ብሎ አልጠየቀኝም። የመጀመሪያው አጭር ስለነበር ሃያ ጊዜ ያንኑ መልሻለሁ።

ስለ አንዳንዱ መስመር ልንገራችሁ። ጠቅላላ ዋጋውን መጻፍና በነፍስ ወከፍ መወሰን የተለያዩ ናቸው። ጠቅላላው ሲታወቅ ሰው ራሱ በልቡ ያካፍላል፣ ያለው ጨምሮ የሌለው ቀንሶ ይልካል። ስንት እንደተሰበሰበ መንገርም ይረዳል፤ ነገሩ እንደማይቀር ያሳያል። ሆኖም አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ «ከ200 ብር ጀምሮ» አትበሉ። እኔ ልጽፍ ነበር። መምህሩ ነው ያስቆመኝ። «200 ካልሽ ሁሉም 200 ይልካል፣ 100 ያለው ደግሞ ያፍራል» አለኝ። በሁለቱም በኩል ልክ ነው።

«ከፊሉ እንዲመለስላችሁ የምትፈልጉ» የሚለውን ስጽፍ እጄ ተንቀጥቅጧል። ሁሉም ቢጠይቅስ? የጠየቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ 1,000 ብር መለስንለት። ሌሎቹ ስምንት ዝም አሉ። ዝም ያሉት ግን አሁን በፈቃዳቸው ነው፤ ልዩነቱ ይታወቃል።

«ምንም ማለት አይጠበቅበትም» የሚለው ደግሞ ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ለጓደኛው ገንዘብ የለኝም ብሎ መጻፍ ለሰው ከባድ ነው። መልስ ካልጠየቃችሁት ያንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አይኖርበትም። ግን በር ብቻ ከፍታችሁ አትተዉት፤ ያለ ገንዘብም የሚገባበት ሌላ ነገር ስጡት። የእኛ የካርዱ መስመር ነበር። በመጨረሻ ሦስት ሰዎች ያንን ብቻ ጻፉ። ከካርዱ ላይ እገሊት ጮክ ብላ ካነበበቻቸው መስመሮች አንዱ ከእነሱ የአንዷ ነው።

መምህሩን ወደ ግሩፑ መለስኩት። ተመለሰ፣ ምንም አላለም፣ የውሃውን ግሩፕ ስም አይቶ የሳቅ ምልክት ላከ።

ማስታወሻ አንድ ጊዜ ብቻ ላክሁ፣ ሰኞ ጥቅምት 3። ለሁሉም እኩል፣ በግል ለማንም አይደለም። «እስከ ረቡዕ ማታ ነው። የላካችሁ እጃችሁ ይባረክ። ያልተመቻችሁ ይህን እለፉት።» በዚህ ላይ ሌላ መጨመር አያምራችሁ። በግል «አየሽው ወይ?» ብሎ መላክ ዝርዝሩን በሹክሹክታ መለጠፍ ነው። ያማረኝ ጊዜ ነበር፣ ገንዘብ ያዧ ስሞቹን ስለማትነግረኝ ብቻ ተረፍኩ።

ረቡዕ ማታ ተዘጋ። ከቀሩት አሥራ ሦስት ሰዎች አሥሩ ልከዋል፣ 16,300 ብር። የቨርጂኒያዋ እዚህ ባለች እህቷ በኩል ነው የላከችው። እህቷ ስም አልጻፈችም፣ ገንዘብ ያዧ በማታውቀው ስም የገባ ብር ይዛ ሁለት ቀን ሰው ስትጠይቅ ከረመች። ውጭ አገር ያለ ጓደኛ ካላችሁ በቀጥታ እንዲህ በሉት፦ እዚህ ባለ ሰው በኩል በብር ላክ፣ የአንተን ስም ይጻፉ።

ቀድሞ የነበረው 17,000 ነው። አንድ ላይ 33,300። ከ36,000 ሲቀነስ 2,700 ጎደለን። እዚህ ላይ ወደ ግሩፑ ተመልሼ «ትንሽ ጎድሏል» ብዬ ብጽፍ ኖሮ የሠራሁትን ሁሉ አፈርሰው ነበር። የመጨረሻ ቀን ካላችሁ የመጨረሻ ቀን ይሁን። ባለሱቁን ደወልኩለት። ማድረሻውን ከተውነው 34,500 ይሆናል አለ። የጎደለችውን 1,200 ሦስት ሆነን 400፣ 400 ጨመርን፣ ለማንም አልተናገርንም። ለነገሩ አሁን ተናገርኩ።

ከገዛን በኋላ የሱቁን ደረሰኝ ፎቶ አንስቼ በግሩፑ ለጠፍኩት፤ ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደወጣ፣ ሁለት መስመር። ስም የለውም። ይህን አትዝለሉት። ማንም አልጠየቀም ብላችሁ ከተዋችሁት ለሚቀጥለው ስጦታ ሰው እጁን ያጥፋል።

ማድረሻውን ስለተውነው መኪና ያስፈልገናል። መምህሩ የአጎቱን ልጅ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ቅዳሜ ከሰዓት ከእገሊት ብሎክ ፊት ለፊት አቆምን። ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ኦቭኑን ከነካርቶኑ ጀርባው ላይ አዝሎ የወጣው እሱ ነው፣ እኛ ከኋላ «ቀስ! ግድግዳውን!» እያልን። እገሊት በሩን ከፍታ መጀመሪያ ያየችው ካርቶን ተሸክሞ የሚያልበውን እሱን ነው። «ምነው፣ ቤት ቀየርክ እንዴ?» አለችው።

ስንት ብር እንደላከ ታውቂያለሽ ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላውቅም። ገንዘብ ያዧን ጠይቄያት አልነገረችኝም።